ከራስጌ ወይስ ከግርጌ? የአማርኛ ዜና አደራደር ታሪክና ከወይብ ሸለቆ የተወሰደ አንድ ረቂቅ

(ሮቤ ከተማ ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ ዜና የሚሰማው በባትሪ በሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ባትሪው ውድ ስለነበረ አባቴ ሬዲዮውን የሚከፍተው ለዜና ብቻ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ዜናው የሚጀምረው የርዕሰ ብሔሩን ማዕረግ በመዘርዘር ነበር፤ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊነታቸው፣ ሊቀ መንበርነታቸው፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነታቸው በየተራ ይጠራል። አባቴ ማዕረጉ እስኪያልቅ ከእናቴ ጋር ጨዋታውን ይቀጥላል። ማዕረጉ አልቆ ግሡ ሲቃረብ እጁን አንሥቶ «ቆይ፣ አሁን መጣ» ይላል። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን። አባቴ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ነገር ግን የዜናው ፍሬ ከዐረፍተ ነገሩ በየትኛው ጫፍ እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጫፍ ነው።

የጋዜጠኝነት መማሪያ መጻሕፍት «የተገለበጠ ፒራሚድ» የሚሉት አደራደር አለ። ሰፊው መሠረት ወደ ላይ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች የተዞረ ፒራሚድ ማለት ነው። ዋናው ፍሬ ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ እርሱን የሚያስረዳው ይከተላል፤ ከዚያ ዝርዝሩ፣ በመጨረሻም የኋላ ታሪኩ ይመጣል። ዜናው ከግርጌ ቢቆረጥ ፍሬው አይነካም። በእጅ ፊደል እየተለቀመ ጋዜጣ በሚታተምበት ዘመን ቦታ ሲጠብ የሚነሣው የመጨረሻው አንቀጽ ነበርና ይህ አደራደር ለማተሚያ ቤቱም ይመች ነበር።

አደራደሩ ከየት መጣ? የተለመደው መልስ ቴሌግራፍ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሽቦው ይበጠስ ስለነበረ ዘጋቢዎች ዋናውን ነገር አስቀድመው ይልኩ ጀመር ይባላል። ዴቪድ ሚንዲች የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ግን መነሻውን የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ስለ ፕሬዚዳንት ሊንከን መገደል እ.ኤ.አ. በ1865 ካስተላለፈው መልእክት ጋር ያያይዘዋል። ጀርመናዊው ሆርስት ፖትከር በበኩሉ የኒው ዮርክ ጋዜጦችን መርምሮ፣ አደራደሩ በብዛት የታየው ከጦርነቱ ሁለትና ሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው ሳይሆን ጋዜጦቹ ለአንባቢ ግልጽ ለመሆን ያደረጉት ጥረት ነው ይላል። እኔ ወደ ፖትከር አደላለሁ። የስታንተንን መልእክት ያነበበ ሰው በሰዓቱና በቲያትር ቤቱ ስም ጀምሮ ወደ ጥይቱ ሲደርስ ያያል፤ ያ ገና የታሪክ ነጋሪ ቅደም ተከተል ነው።

ወደ ፖትከር የማደላበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱም የራሳችን ታሪክ ነው። ቴሌግራፍና ስልክ ወደ አገራችን የገቡት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መሣሪያው መጣ እንጂ የነገሩ አደራደር አልተገለበጠም። የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ በማዕረግ ይከፈታል፤ ሰላምታው ይከተላል፤ ጉዳዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጽሑፍ ዜና ደግሞ ዜና መዋዕል ነበር። ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ የዘመናት ወሬ ማለት ነው። ጸሐፊው ንጉሡን ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከወር ወደ ወር ይከተላል። ድሉ የሚነገረው ድሉ በሆነበት ቀን ነው። አንባቢው ቸኩሎ ቢሆን ጸሐፊው ግድ የለውም፤ አንባቢውም አይቸኩልም ነበር።

«ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም መታተም ሲጀምሩ ሁለቱን ልማዶች ወረሱ፤ የደብዳቤውን ማዕረግና የዜና መዋዕሉን ቅደም ተከተል። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሚጻፈው ዜና ማን እንደተገኘ አስቀድሞ፣ ምን እንደተወሰነ አስከትሎ ይነግር ነበር። ይህን ስል የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ለመንቀፍ አይደለም። ለእነርሱ ዋናው ፍሬ ነገር የንጉሠ ነገሥቱ መገኘት ነበር፤ ስለዚህ በራሳቸው ሚዛን ዋናውን ነገር ከራስጌ አስቀምጠዋል። ፒራሚዱ መቼም ቢሆን የሚገለበጠው በአንድ ሰው ሚዛን ነው። ሚዛኑ የማን እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የታሪክ ባለሙያው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ፍሬን ማስቀደም ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። በባሌ ደጋ ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም። እውነት ነው፣ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ግጦሹ ተጠያይቀው ሳይጨርሱ «ኦዱ» ወደሚባለው ወሬ አይገቡም። ነገር ግን ጫካ ሲቃጠል ወይም ጅብ በረት ሲገባ «ኢያ» ይጮሃል፤ በአማርኛ እሪታ የምንለው ነው። እሪ የሚል ሰው በሰላምታ አይጀምርም። በ1992 ዓ.ም የበጋ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች ላይ ታላቁ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ተማሪው፣ ወታደሩና ገበሬው ቅጠል ይዞ ወጥቷል፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአሜሪካና ከካናዳም ባለሙያዎች መጥተዋል። በዚያ ጊዜ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የተላለፈው ጩኸት በታሪክ ዳራ አልጀመረም። ሁለቱም አደራደር የእኛ ነው፤ ጥያቄው የትኛው ወሬ የትኛውን ይፈልጋል ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ ልግባ። በ1995 ዓ.ም መጨረሻና በ1996 ዓ.ም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በወይብ ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች ላይ ያደረሰውን ጥፋት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ወጣቶቹ ደግሞ ሰምታችኋል። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ መልመጃ አድርጌ እሰጣለሁ፤ ራሳቸውን በኅዳር 1996 ዓ.ም ሮቤ ላይ እንደተቀመጠ ዘጋቢ ቆጥረው እንዲጽፉ ነው። በየዓመቱ የሚመጣልኝ ረቂቅ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለዛሬው ንግግር ጠቅልዬ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

«የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በዚሁ ፓርክ ነው።

«በነሐሴ ወር በወይብ ሸለቆ የሞተ ቀበሮ ተገኘ። በተከታዮቹ ሳምንታት ሌሎችም ሞተው ተገኙ። ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። በጥቅምት ወር የሞቱ ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ።

«በሽታው እንዳይዛመት በያዝነው ወር ቀበሮዎችን እየያዙ መከተብ ተጀምሯል። በሽታው የመጣው ከብት ይዘው ወደ ሸለቆው ከሚወጡ እረኞች ውሾች ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ ሰዋስው አልተበላሸም። ነገር ግን ይህ ረቂቅ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ቢላክና አርታኢው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጊዜ አጥሮት ከግርጌ ቢቆርጠው፣ የሚጠፋው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ይህም በዲንሾ አካባቢ ልጁን ውሻ የነከሰበት አባት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ቃል ነው። ምልክቱ ከታየበት ሰው ላይ የእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት እንደሌለው፣ የሚያድነው ከንክሻው በኋላ ሳይዘገይ የሚደረገው እጥበትና ክትባት ብቻ እንደሆነ እናውቃለን። የፓርኩ ስፋት ግን በሰላም ከራስጌ ተቀምጧል።

እንዴት እንገለብጠው? ተማሪዎቼን በመጀመሪያ ረቂቁን እንዲተዉትና እያንዳንዱን ፍሬ ነገር በተለየ ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ወረቀቶቹ ከጊዜ ቅደም ተከተል ሲላቀቁ ጸሐፊውም ይላቀቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፤ «መብራት ሊጠፋ ነው፤ አንድ ወረቀት ብቻ ታነባለህ፤ የቱን ታነሣለህ?» ሁሉም የላቦራቶሪውን ውጤት ያነሣሉ። ልክ ናቸው፤ ዜናው እርሱ ነው። ቀበሮ ከነሐሴ ጀምሮ ሲሞት ነበር፤ አዲሱ ነገር የገዳዩ መታወቅ ነው።

ወረቀቱን ማንሣት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው አማርኛው ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ዋናውን ነገር አስቀድሜአለሁ ብሎ ያመጣልኝን መሪ ዐረፍተ ነገር ስሙት፦

«በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ለመጥፋት የተቃረበው፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው የወይብ ሸለቆ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከነሐሴ ወር ጀምሮ ባልታወቀ ምክንያት ሲሞት ቆይቶ በተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ የሞቱ ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ መረጋገጡ ተገለጸ።»

ሠላሳ አራት ቃላት ናቸው። «እብድ ውሻ» የሚለው የሚደርሰው በሃያ ዘጠነኛው ቃል ነው። ተማሪው አንቀጹን ገልብጧል፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አልገለበጠም። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንቀጽ ሙሉ ዳራ «የሚገኘው»፣ «የሚኖረው»፣ «ቆይቶ» እያለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ አሽጎታል። አባቴ ይህን ቢሰማ እስከ ሃያ ስምንተኛው ቃል ጨዋታውን አያቋርጥም ነበር።

በእንግሊዝኛ የተጻፉት መማሪያዎች እዚህ ላይ አይረዱንም። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሡ ወዲያው ይከተላል፤ ማን ምን አደረገ በሦስት በአራት ቃል ይታወቃል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገላጩም ከሚገለጸው ስም ይቀድማል። ስለዚህ ቋንቋችን ጥንቃቄ ካልታከለበት ዳራውን በራሱ ጊዜ ወደ ፊት፣ ፍሬውን ወደ ኋላ ይገፋል። ሆኖም መፍትሔውም እዚያው ቋንቋው ውስጥ አለ። ግሡ ከቦታው አይንቀሳቀስም እንጂ ሌሎቹ የዐረፍተ ነገሩ ክፍሎች በነፃነት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «ን» የምትባለው አንዲት ፊደል ተደራጊውን ስለምትለየው ትርጉም አይፋለስም። ስለዚህ ከባዱን ስም ወደ ራስጌ እናመጣለን፤ ገላጮቹን አውጥተን ለኋላ ዐረፍተ ነገሮች እናከፋፍላቸዋለን፦

«የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎችን እየገደለ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ።»

ዐሥራ አንድ ቃላት። በሽታው ከመጀመሪያው ቃል ይጀምራል፤ ግሡም ጆሮ ሳይደክም ይደርሳል። «ተገለጸ» የሚለው ጭራም ወድቋል። ይህ ጭራ ነገሩ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ መሆኑን በአንድ ግስ ይናገርና ወዲያው በሌላ ግስ ያለሰልሰዋል። ማን እንደገለጸ የማይናገር «ተገለጸ» ምንጭ አይደለም። ምንጩ ካለ በስሙና በኃላፊነቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ይግባ፤ ማዕረጉ ረዥም ከሆነ ደግሞ ከሁለት ይከፈል።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩንም እወደዋለሁ። የንክሻው ምክር ይቅደም ወይስ ክትባቱ? መልሱ የሚወሰነው በሚሰማው ሰው ነው። ለሮቤ፣ ለጎባና ለዲንሾ አድማጭ ምክሩ ሁለተኛ ነው፤ ጥያቄ የለውም። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ግን የቀበሮው ብርቅነትና ክትባቱ ሊቀድም ይችላል፤ በዓለም ላይ በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ የቀረ እንስሳ ነውና። ከአንድ የፍሬ ነገር ክምችት ሁለት ፒራሚዶች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የፓርኩ የምሥረታ ዓመት ግን በሁለቱም መጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ቦታ የለውም።

ፍሬን ወደ ላይ ማውጣት የራሱ አደጋ አለው፤ ወደ ላይ የወጣ ቁጥር ማሰሪያውን ታች ጥሎት ሊወጣ ይችላል። መልመጃውን ወደ ጥር 1996 ዓ.ም ባሻግረው እንዲህ ይሆናል። እስከዚያ በሸለቆው ከ30 በላይ ቀበሮዎች ሬሳ ተገኝቷል፤ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ያላቸው ደግሞ ደብዛቸው ጠፍቶ ሞተዋል ተብሎ ይገመታል። ናሙናቸው የተመረመረው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የሚቸኩል ዘጋቢ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ «በእብድ ውሻ በሽታ የሞቱ» ብሎ ከራስጌ ያስቀምጣል። የተገኘው፣ የጠፋውና የተመረመረው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በተራኪው ረቂቅ ውስጥ እያንዳንዱ በየቦታው ስለነበረ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱን የፈጠረው መገልበጡ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከታች ወደ ላይ ሲነሣ «ሬሳቸው የተገኘ»፣ «የሚገመት» የሚለው ቃል ከነቁጥሩ ተጣብቆ መነሣቱን አረጋግጡ። ቁጥሩ ይህን ማሰሪያ ተሸክሞ መሪው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መግባት ካቃተው፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይጠብቅ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ እኔን ያስጨንቀኛል። በረቂቁ «ከእረኞች ውሾች» የምትል ሐረግ ነበረች። የተለየው ቫይረስ የቤት ውሻ ዓይነት ስለነበረ ነገሩ ስሕተት አይደለም። ይህች ሐረግ ስታጥር ግን ጥፋተኛ ፈላጊ ሆና ወደ ላይ ትወጣለች፤ «የእረኞች ውሾች ቀበሮ ጨረሱ» የሚል ርዕስ ይወለዳል። ማብራሪያው ታች ይቀራል፣ ከዚያም ይቆረጣል። ማብራሪያው ምንድን ነው? የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያዘዋውርበት «ጎዳንቱ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። ውሻው ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ነው። በሽታው ደግሞ ለባለቤቱም፣ ለልጁም፣ ለከብቱም ጠንቅ ነው፤ እረኛው የበሽታው የመጀመሪያ ተጎጂ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ይህ ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍቱ ቋንቋ «የኋላ ታሪክ» ይባላል፤ የኋላ ታሪክ ደግሞ ግርጌ ነው። በቁርጥራጩ ወረቀት ጊዜ ከራስጌ የሚነሣው ዜናው ብቻ አይደለም፤ ያለ እርሱ ዜናው ሰው የሚበድልበት ዳራም አብሮ መነሣት አለበት። እኔ ከሙሉው ዳራ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቆርጬ ሦስተኛ ላይ አደርጋታለሁ።

እንግዲህ የተገለበጠው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎችን እየገደለ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ።

«ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

«በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የተላለፈው ከቤት ውሾች ሲሆን፣ ከብታቸውን በሸለቆው የሚያሰማሩ ቤተሰቦችም ለዚሁ በሽታ ተጋልጠዋል።

«ወደ አጎራባች አካባቢዎች እንዳይዛመት በዚህ ወር ቀበሮዎችን እየያዙ መከተብ ተጀምሯል።

«የመጀመሪያው ሬሳ የተገኘው በነሐሴ ወር ነበር። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ወረርሽኝ በዚሁ ስፍራ በርካታ ቀበሮዎችን ገድሏል።»

ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ አንቀጽ እየሸፈናችሁ አንብቡት። አምስተኛው ቢሸፈን የሚጎድለው ትውስታ ነው። አራተኛው ቢሸፈን ተስፋው ይጎድላል፤ ይህ ያሳዝናል፣ ግን ማንንም አይገድልም። ሦስተኛውን ስትሸፍኑ እረኛው ከዜናው ይወጣል፤ እዚያ ላይ ቆሜ አርታኢውን እከራከራለሁ።

ወረርሽኙ እንዴት እንዳበቃ ለማታውቁ ልንገራችሁ። 70 ያህል ቀበሮዎች ተከተቡ፤ ክትባቱ ያነጣጠረው ሁሉንም በማዳረስ ላይ ሳይሆን ሸለቆውን ከአጎራባች የቀበሮ ሰፈሮች በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ላይ ነበር። በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ፤ በሽታው ግን ወደ ቀሩት የተራራው ሰፈሮች በስፋት ሳይዘልቅ ቆመ። የዚህ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2006 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። እዚያ ያለው ጽሑፍ የተጻፈው በሌላ አደራደር ነው፤ የሳይንስ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ራስጌና ግርጌ አለው።

የሁለቱን ረቂቆች ቅጂ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከመቀስ ጋር። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።